ትን ሲላት ውሃ አትስጧት

አያቴን ስትሮክ ከመታት 3 ወር ሊሞላ ነው። ግራ እጇ ቀስ በቀስ እየተሻለው ነው፤ የምግብ ሰዓት ግን አሁንም ያስጨንቀናል። ሁለት ጉርሻ ትውጥና ሳል ይይዛታል። ያኔ ቤቱ በሙሉ “ኧረ ውሃ ስጧት!” ይላል።

ሐኪሟ መጀመሪያ የከለከለን ግን ይሄንኑ ውሃ ነው። ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ለአፍታ ይዘጋል፤ ምግቡም በሌላው መንገድ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ስትሮክ መዋጥን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ከጎዳ ይሄ በር ዘግይቶ ይዘጋል። ውሃ ደግሞ ፈጣን ስለሆነ በሩ ሳይዘጋ ቀድሞ ደርሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወፈር ያለ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣታል። ስለዚህ ስትስል ወደ ፊት ዘንበል አድርገን እስክትጨርስ እንጠብቃለን፤ ትንፋሿ ሳይረጋጋ ምንም አንሰጣትም።

አሁን የምትበላው እንደ እርጎ የወፈረ አጥሚት፣ ወፍራም ሽሮና በደንብ የተፈጨ ድንች ነው። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ቀርተዋል። ሥጋ ያለበት ቀጭን መረቅም ቀርቷል፤ ፈሳሹና ጠጣሩ አንድ ላይ ሲመጡ ለመዋጥ ይከብዳታል። የምግቡን ውፍረት የወሰነው አዋዋጧን ያየው ባለሙያ ነው፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም።

አበላሉም ተቀይሯል። አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ቲቪው ይጠፋል። ትልቅ ጉርሻ የለም፣ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ ነው። ማንቁርቷ ከፍ ብሎ ሲወርድ ካየሁ በኋላ ነው ሌላ የምሰጣት። ደካማው ግራ ጉንጯ ውስጥ ምግብ ስለሚቀር አፏን ከፍታ አያለሁ። ከበላች በኋላ 30 ደቂቃ አትተኛም። ጥርሷም ይቦረሻል፤ የአፍ ጀርም ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ከወረደ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አለመሳል ደህና መሆን ማለት አይደለም። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ስለሚቀንስ አንዳንዱ ሰው ምግብ ወደ ሳንባው ሲገባም ላይስል ይችላል። ከበላች በኋላ ውሃ ጉሮሮዋ ላይ የቀረ ይመስል ድምጿ ከተለወጠ ማብላቱን አቁሙና ለሐኪሟ ንገሩ። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷት።

የወፈረ መጠጥ የራሱ ጣጣ አለው፤ ስለማይጥማት ትንሽ ብቻ ትጠጣለች። ሽንቷ ሲቀንስና ሲጠቁር ውሃ እንዳነሳት እናውቃለን፣ ያኔ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ እንሰጣታለን። ብዙ ሰው ላይ መዋጥ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ስለሚሻሻል፣ በየቀጠሮዋ አዋዋጧ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። እሷም በየቀጠሮው የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ “ውሃ መቼ ነው የምጠጣው?”