የፋሲካ ሳምንት ደብዳቤ

ለቋሚ ደንበኛ የሚጻፍ የፋሲካ ደብዳቤ ከምስጋናው ይልቅ የሚፈተነው በሰዓቱ ነው። «ለበዓሉ እንዘጋለን» ብቻ ከተባለ፣ ስቅለት ይሁን ትንሣኤ ማን ያውቃል? የቅቤና የቅመማ ቅመም ሱቅ እንዲህ ቢጽፍ እመርጣለሁ፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እስከ ጸሎተ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንሠራለን። ስቅለት ዝግ ነን፤ ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንጠብቃችኋለን፤ እሁድና ሰኞ እናርፋለን። እስከ ረቡዕ 2 ኪሎ ቅቤ ለሚገዙ ሩብ ኪሎ በርበሬ እንመርቃለን።»

ረቡዕ የተባለው ቅቤው ተነጥሮ ለቅዳሜው ዶሮ ወጥ እንዲደርስ ነው። ሱቁ ዋሽንግተን ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ይጻፍ፤ አለዚያ ደንበኛው የተዘጋ በር ይጠብቀዋል።