ወደ ርካሹና ወደ ትንሹ ማዘንበል

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ የጡረታ ገንዘቡን በሙሉ መላውን የአሜሪካ ገበያ በሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስቀምጧል። ሰሞኑን «ከዚህ ላይ አምስተኛውን ወደ ስሞል ካፕ ቫልዩ ፈንድ ላዙረው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ዓይነቱ ፈንድ አክሲዮን ሲመርጥ ትንሽነትንና ርካሽነትን ያያል። ርካሽ የሚባለው፣ ገበያው ለኩባንያው የሚሰጠው ዋጋ በሂሳብ መዝገቡ ከሰፈረው የተጣራ ሀብት ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ሲል ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ሀብት ያለውን ባንክ ገበያው በ80 ሚሊዮን ከገመተው ርካሽ ነው፤ ያንኑ ያህል ሀብት ይዞ በአንድ ቢሊዮን የሚሸጥ የሶፍትዌር ኩባንያ ውድ ነው።

ዩጂን ፋማና ኬኔት ፍሬንች በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1963 እስከ 1990 በአሜሪካ ገበያ ርካሾቹና ትንንሾቹ የተሻለ ትርፍ እንዳስገኙ አሳዩ። እነሱ ትርፉን የአደጋ ካሳ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ሰው ዝነኛ ኩባንያ ላይ ስለሚሻማ የተናቀው ከሚገባው በታች ይሸጣል ይላሉ። ትንሽነት ብቻውን ግን ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጠቀመም። ከትንንሾቹ መካከል ውድ ሆነው የሚከስሩት የሌሎቹን ትርፍ ይበላሉና፣ የሚያዘነብል ሰው ትንሽነትን ከርካሽነት ጋር ቢያጣምር ይሻላል።

አሁን የወዳጄን ሂሳብ እንሥራ። 100,000 ዶላር አለው እንበል፤ 20,000ውን አዞረ። ርካሾቹ በዓመት በአማካይ በ2 በመቶ ይበልጣሉ ብለን ብንገምት ትርፉ 400 ዶላር ነው። የአዲሱ ፈንድ ክፍያ 0.25 በመቶ፣ የድሮው 0.03 በመቶ ከሆነ ልዩነቱ 44 ዶላር ይወስድና 356 ይቀራል። አሁን ደግሞ 2020ን እንይ። በዚያ ዓመት መላው ገበያ 21 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ የትንንሽና ርካሽ አክሲዮኖች ኢንዴክስ ያደገው 5 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ነው። 20,000ው ላይ የ16 ነጥብ ልዩነት 3,200 ዶላር ያህል ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ተስፋ በአንድ ዓመት ጠፋ ማለት ነው። ከ2007 ጀምሮ ርካሾቹ ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ ስለቀሩ ብዙ ሰው ተሰላችቶ ሸጧል። ከዚያ በኋላ በ2021 እና በ2022 ርካሾቹ ገበያውን በለጡ፤ ቀድሞ የሸጠ ግን ኪሳራውን ብቻ ይዞ ቀረ።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሠራተኛ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በየወሩ የሚቆጥበውን በ50 ዶላር ቢያሳድግ በዓመት 600 ዶላር ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ በገበያው ሁኔታ ላይ አይመሠረትም። ወዳጄ ግን ጡረታው ሃያ ዓመት ይቀረዋል፣ የገበያ ዜናም አያስደነግጠውም፤ ለእሱ አምስተኛው አይበዛም። ከመግዛቱ በፊት ፈንዱ ውስጥ ያሉት ኩባንያዎች ዋጋ ከመዝገብ ሀብታቸው ስንት እጥፍ እንደሆነ እንዲያይ ነገርኩት። ቁጥሩ ከመላው ገበያ ብዙም ካላነሰ፣ ፈንዱ ቫልዩ የሚለውን ስም ብቻ ነው የያዘው።