ያውቁ ኖሯል? የአሮስቶ ሰዓት በኪሎ አይባዛም

አዳማ ውስጥ ለበዓል የበግ እግር አሮስቶ የሚያዘጋጅ ሰው ደቂቃውን በኪሎ ካባዛ ትልቁ ሥጋ ይደርቅበታል። ሙቀት ከላይ ወደ መሐል የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ሰዓቱን በዋናነት የሚወስነው የሥጋው ውፍረት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

1 ኪሎ ሥጋ በ1 ሰዓት ከበሰለ፣ ቅርጹ ተመሳሳይ የሆነ 2 ኪሎ በዚያው የኦቨን ሙቀት 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ለኪሎ 48 ደቂቃ ግድም መሆኑ ነው። ክብደቱ የጨመረው ሥጋው በመርዘሙ ብቻ ከሆነማ፣ ሰዓቱ ብዙም አይለወጥም።

ከሰዓት ይልቅ የሥጋ ቴርሞሜትር ይመኑ። ወፍራሙ ቦታ ላይ አጥንት ሳያስነኩ ይሰኩት፤ መሐሉ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሥጋው በደንብ በስሏልና ያውጡት።