አርሰናል ከሌስተር፦ ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት

የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም. አርሰናል በኤምሬትስ ስታዲየም ሌስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሌስተር በጄሚ ቫርዲ ፍፁም ቅጣት ምት መርቶ ነበር፤ ቴዎ ዋልኮት አቻ አደረገ፤ ዳኒ ዌልቤክ በ95ኛው ደቂቃ በግንባሩ ገጭቶ ጨዋታውን ጨረሰው። ለመሆኑ ይህ ውጤት የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነበር?

ጥያቄውን በቁጥር ለመመለስ ብዙዎች የሚጀምሩት በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በሲሜዮን ዴኒ ፖይሰን ስም ከሚጠራው ስርጭት ነው። ስርጭቱ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቡድኑ በዚህ ጨዋታ በአማካይ ስንት ጎል ይጠበቅበታል? ይህ ከታወቀ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጎል የማግባት ዕድሉን ይነግረናል። ዋናው ሥራ እንግዲህ አማካዩን ማግኘት ነው።

በዚያ የውድድር ዓመት አርሰናል በሜዳው 19 ጨዋታ 31 ጎል አገባ፤ በጨዋታ 1.63 ማለት ነው። ነገር ግን ተጋጣሚው ሌስተር ነው። ሌስተር ከሜዳው ውጪ የተቆጠረበት 18 ጎል ብቻ ሲሆን፣ ይህም በጨዋታ 0.95 ነው። የሊጉ ባለሜዳ ቡድኖች በአማካይ 1.49 ያገቡ ስለነበር፣ የሌስተር ተከላካዮች ያስተናገዱት ከተለመደው 64 በመቶ ያህሉን ነው። የአርሰናልን 1.63 በዚህ ስናባዛው 1.04 ይሆናል። ሌስተርንም ከሜዳው ውጪ ካገባው 33 ጎልና አርሰናል በሜዳው ከተቆጠረበት 11 ጎል ተነስተን በዚሁ መንገድ ስናሰላው 0.83 እናገኛለን።

እዚህ የመላውን ዓመት ቁጥር የወሰድኩት አሠራሩን ለማሳየት ነው። በእውነት የሚተነብይ ሰው ከጨዋታው በፊት የተመዘገበውን ብቻ መጠቀም አለበት፤ አለበለዚያ መልሱን አይቶ ፈተና እንደመሥራት ነው።

ከዚህ በኋላ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። አርሰናል ምንም ጎል የማያገባበት ዕድል 2.718 ወደ ኃይል −1.04 ከፍ ሲል የሚገኘው 35.3 በመቶ ነው። ይህን በ1.04 ብናባዛ የአንድ ጎል ዕድል 36.8 በመቶ ይወጣል። እሱን እንደገና በ1.04 አባዝተን ለ2 ብናካፍል የሁለት ጎል ዕድል 19.1 በመቶ ነው፤ ቀጥሎ ለ3 እያካፈልን እንሄዳለን። ለሌስተር ዜሮ 43.6፣ አንድ ደግሞ 36.2 በመቶ ይመጣል።

የአንድን ውጤት ዕድል ለማግኘት ሁለቱን ማባዛት ነው። 1 ለ 0 16 በመቶ፣ 0 ለ 0 15 በመቶ፣ 2 ለ 1 ደግሞ 7 በመቶ ያህል ይሆናሉ። አርሰናል የሚያሸንፍባቸውን ሁሉ ስንደምር 40፣ አቻው 32፣ የሌስተር ድል 28 በመቶ ይወጣል።

ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከሁሉም የላቀ ዕድል የተሰጠው 1 ለ 0 እንኳ ከስድስት ጊዜ አምስቱን አይሆንም። ስለዚህ ትክክለኛውን ውጤት ቀድሞ አለመገመቱ ብቻውን ስሌቱን ስህተት አያደርገውም። ስሌቱ የሚፈተነው በብዙ ጨዋታ ነው፤ ለባለሜዳው 40 በመቶ የሰጠባቸውን መቶ ጨዋታዎች ሰብስበን አርባ ያህሉን ባለሜዳው አሸንፎ እንደሆነ ማየት ነው። ሃያ አምስቱን ብቻ አሸንፎ ከሆነ ችግር አለ።

አንዱ ችግር ከማባዛቱ ይመጣል። ስናባዛ የአንዱ ቡድን ጎል ሌላውን አይነካውም ብለን ነው፤ ኳስ የሚያይ ሁሉ ደግሞ እንደሚነካው ያውቃል። ማርክ ዲክሰንና ስቱዋርት ኮልስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝን ጨዋታዎች መርምረው ለጥቂት ጎል ውጤቶች ማስተካከያ አበጁ፤ 0 ለ 0 እና 1 ለ 1 ከፍ፣ 1 ለ 0 እና 0 ለ 1 ዝቅ ይላሉ። ለቅርብ ጊዜ ጨዋታዎችም የበለጠ ክብደት ሰጡ፤ ከወራት በፊት የተቆጠረ ጎል ስለዛሬው ቡድን የሚናገረው ያነሰ ነውና።

ሌላው ደግሞ አማካዩ ጨዋታው መሃል ላይ መለወጡ ነው። በኤምሬትስ የሌስተሩ ዳኒ ሲምፕሰን በ54ኛው ደቂቃ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ሌስተር 1 ለ 0 ይመራ ነበር። የቀረው 36 ደቂቃ የጨዋታው አራት አሥረኛ ነው፤ የአርሰናል 1.04 ለዚህ ጊዜ ሲመጠን 0.42 ብቻ ይሆናል። በዚህ አማካይ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎል የማግባት ዕድሉ 7 በመቶ ያህል ነው። ቀይ ካርዱ አማካዩን በእጥፍ ያሳድገዋል ብለን ለምሳሌ ያህል ብንወስድ ግን ዕድሉ ወደ 20 በመቶ ይዘላል። አንድ ሰው ሲጎድል አማካዩ በእርግጥ በስንት እንደሚያድግ ስርጭቱ ራሱ አይነግረንም፤ ያን ማወቅ የሚቻለው ቀይ ካርድ የታየባቸውን ብዙ ጨዋታዎች ከደቂቃቸው ጋር መዝግቦ፣ ከካርዱ በፊትና በኋላ የተቆጠሩትን ጎሎች በማነፃፀር ነው።