በዶሮ ወጥ ውስጥ የተደበቀው ስኳር፦ ቅቤ የበዛበት ገበታ በኪቶ ሚዛን ሲታይ

በካሊፎርኒያዋ ማውንቴን ቪው ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለእሁድ ምሳ ዶሮ ወጥ ሠርቷል እንበል። የቤቱ አባወራ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ካርቦሃይድሬትን በቀን ከ20 ግራም በታች የሚያደርገውን የኪቶጄኒክ አመጋገብ ከጀመሩም ሰንብተዋል። ስለዚህ እንጀራውን ትተው ወጡን፣ እንቁላሉንና አይቡን ብቻ በሳህን ያቀርባሉ። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ስብ የሞላበት፣ እንጀራ የሌለበት ገበታ ለኪቶ የተመቸ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

የኪቶ አመጋገብ አዲስ ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ራስል ዋይልደር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን ለመርዳት ያቀረቡት ሐሳብ ነበር። ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው ስታርችና ስኳር በጣም ሲያንስበት ጉበት ስብን እየሰበረ ኪቶን የሚባሉ ነገሮችን ያመርታል፤ አንጎልና ጡንቻም እነዚህን እንደ ነዳጅ ይጠቀሙባቸዋል። ይህ የሚሆነው የካርቦሃይድሬቱ መጠን ዝቅ ብሎ ሲቆይ ነው። የተበላው ስብ መብዛት ብቻውን ያን አያመጣም።

ብዙዎችን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ስልክ ላይ ያለው የምግብ መቆጣጠሪያ ገበታውን በመቶኛ ሲያሳይ ስቡ ከፍ፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። በሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ቢጨመር ደግሞ የካርቦሃይድሬቱ መቶኛ የበለጠ ይወርዳል፤ በግራም ሲለካ ግን አንዲት ቅንጣት አልቀነሰም። ገደቡ በግራም የተቀመጠ ከሆነ መቆጠር ያለበትም ግራሙ ነው።

እንግዲህ ድስቱን እንመልከት። አንድ ዶሮ፣ ተልጦ የተከተፈ 1.5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 60 ግራም በርበሬ፣ 150 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 30 ግራም ነጭ ሽንኩርትና ስድስት እንቁላል ገብተውበታል፤ የሚበላውም ለስድስት ሰው ነው። ዶሮው ካርቦሃይድሬት የለውም። ንጥር ቅቤውም የለውም፤ ወተቱ ውስጥ የነበረው ስኳር ቅቤው ሲናጥና ሲነጠር ተለይቶ ቀርቷል። ስድስቱ እንቁላሎች ተደምረው 3 ግራም ያህል ቢኖራቸው ነው።

ሽንኩርቱ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ሠንጠረዥ መሠረት 100 ግራም ጥሬ ሽንኩርት 9.3 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህም 1.7 ግራሙ የማይፈጨው አሰር፣ ማለትም ፋይበር ነው። አሰሩ ሲቀነስ 7.6 ግራም ይቀራል፤ ይህ የተጣራ ካርቦሃይድሬት ይባላል። ለ1.5 ኪሎ ሽንኩርት ሲሰላ 114 ግራም ይሆናል። በርበሬው አብዛኛው አሰር ስለሆነ የተጣራው 12 ግራም ገደማ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ 9 ግራም ይጨምራል። ድስቱ በጠቅላላ ወደ 138 ግራም ይደርሳል። ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 23 ግራም ይሆናል።

አባወራው እንጀራ ሳይነኩ፣ አይቡም ሳይቆጠር፣ የቀኑን ገደብ በአንድ ምሳ አልፈዋል ማለት ነው።

ሽንኩርት ሲቁላላ መጠኑ እየሟሸሸ ሄዶ ከዓይን ይጠፋል። ከድስቱ የሚተነው ግን ውኃው ነው፤ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። ጥሩ ዶሮ ወጥ ከበርበሬው ቃጠሎ ሥር የሚሰጠው ጣፋጭ ቃና ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ወጡን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ በዓይን መገመት አይሠራም፤ ሽንኩርቱ ድስት ሳይገባ በጥሬው መመዘን አለበት። ከዚያም የበሰለው መረቅ፣ ሥጋውና እንቁላሉ ወጥተው፣ የድስቱ ክብደት ተቀንሶ ይመዘናል። መረቁ 1.5 ኪሎ ከመዘነ በየ100 ግራሙ 9 ግራም የተጣራ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሳህኑ የሚወጣውን መረቅ በኩሽና ሚዛን ማየት በቂ ነው። ጭልፋ መቁጠር አስተማማኝ አይደለም። የአንዱ ቤት ጭልፋ የሌላው ቤት ሁለት ነውና።

እንጀራውስ? 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው 8 ግራሙ አሰር ነው። አንድ እንጀራ ይህን ያህል ዱቄት ከወሰደ የተጣራው 65 ግራም ይሆናል። ሊጡ መቡካቱ ስታርቹን ያጠፋዋል የሚል አስተያየት ይሰማል፤ እርሾው የሚበላው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ስታርች ምጣድ ላይ ይደርሳል።

በታሸገ ምግብ ላይ የሚነበበው ጽሑፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በተለይ በተለያየ አገር ለሚኖሩ ዘመዳሞች ቁጥር ለሚለዋወጡ ሰዎች። በአሜሪካ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር አሰሩን ይጨምራል፤ በአውሮፓ ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው ይጻፋል። ሳንሆዜ ያለች እህት የምትቀንሰውን አሰር ፍራንክፈርት ያለው ወንድሟ ድጋሚ ቢቀንስ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ላይ ይደርሳል። ገደቡ ራሱ በጠቅላላ ይሁን በተጣራ የተቀመጠ መሆኑም ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፤ ያው የዶሮ ወጥ ሳህን በጠቅላላ ቢቆጠር 31 ግራም ገደማ ይሆናል።

ገደቡ የግድ 20 መሆን አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳ ነው። ከማውንቴን ቪው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በክሪስቶፈር ጋርድነር የተመራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ወይም ወደዚያ የሚያመራ የስኳር ከፍታ ያለባቸውን ሰዎች በየተራ ለ12 ሳምንታት ኪቶ፣ ለ12 ሳምንታት የሜዲትራኒያን አመጋገብ እንዲከተሉ አድርጓል። የኪቶው ገደብ በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ነበር። የወራት የስኳር ይዞታን በሚያሳየው የደም ምርመራ ሁለቱ አመጋገቦች የጎላ ልዩነት አላሳዩም። በኪቶው ወቅት ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ይበልጥ ወርዷል፤ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ግን ከፍ ብሏል። ቅቤ የሚወድ ሰው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳያነብ እንዳያልፍ።

ከሁሉ በፊት ግን መድኃኒት አለ። ኢንሱሊን ወይም ጣፊያን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፉ እንክብሎች የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ሲቀንስ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት አዳዲስ እንክብሎች ደግሞ የደም ስኳር ብዙ ሳይጨምር ደም በአሲድ የሚመረዝበትን አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሳያውቅ አመጋገቡ አይጀመርም።

ሒሳቡ ትክክል መሆኑን በጣት ደም በሚለካ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ኪቶኑ በሊትር 0.5 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነት በኪቶን መንገድ ላይ ነው ይባላል። የሽንት ወረቀት ርካሽ ቢሆንም፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚሰጠው ምልክት እየደከመ ስለሚሄድ ያሳስታል።

አባወራው ዶሮ ወጡን መተው ካልፈለጉ የሚነካው ሽንኩርቱ ነው። ከ1.5 ኪሎ ወደ 300 ግራም ቢወርድ የአንዱ ሰው ድርሻ ወደ 8 ግራም ይቀንሳል። መረቁ ይቀጥናል፤ ቃናውም ይለወጣል፤ ዶሮ ወጥ ብሎ መጥራቱን የሚቃወሙ እናቶችም አይጠፉም። 100 ግራም አይብ 3 ግራም ገደማ ይጨምራል። ከ20ው የሚቀረው 9 ግራም ነው፤ በዚያ ቀን ሌላ ካርቦሃይድሬት ያለው ነገር ካልተቀመሰ፣ ከአንድ እንጀራ አንድ ሰባተኛውን ቁራሽ ያስበላል።