የኪሮሽ ብርድ ልብስዎ ጎን ለምን ሞገድ ይሠራል? ለምንስ ይሸመቀቃል?

በኪሮሽ የተሠራ ብርድ ልብስ ልትገዛ የመጣች ሴት መጀመሪያ የምታደርገውን አስተውለው ያውቃሉ? ቀለሙን አይታ አትጨርስም፤ ለሁለት አጥፋ ጠርዝን ከጠርዝ ጋር ታገጥማለች። ካልገጠመ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ ወይም ጎኑ እንደ ጉርድ ቀሚስ ጫፍ የተርገበገበ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ አይተኛም። ለስጦታም ያሳፍራል።

ብዙዎች ጥፋቱን በክሩ ያሳብባሉ፤ ወይም «እጄ ይጠብቃል» ብለው ያልፉታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አንድ ረድፍ ጨርሰው ሥራውን ሲያዞሩ በሚሠሯቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰንሰለቶች ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ «መዞሪያ ሰንሰለት» እንበላቸው። ክሩን አንዴ በኪሮሹ ላይ ጠቅልለው የሚሠሩትን ረጅሙን ደግሞ «ረጅም ቋሚ»፣ ሳይጠቀልሉ የሚሠሩትን «አጭር ቋሚ» እንበል፤ ረድፉ የቋሚዎች አጥር ነውና። (ሥራውን ከቪዲዮ የሚማሩ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ አሜሪካኖች «ደብል ክሮሼ» የሚሉት ረጅሙን ቋሚ ሲሆን፣ እንግሊዞች በዚያው ስም የሚጠሩት አጭሩን ነው። የመዞሪያው ሰንሰለት ቁጥርም አብሮ ይለያያል።)

መዞሪያ ሰንሰለት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ኪሮሹን ወደሚቀጥለው ረድፍ ቁመት ማውጣት ነው። ለአጭር ቋሚ አንድ፣ ለረጅም ቋሚ ሦስት ሰንሰለት የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሥራው በአንዳንድ አሠራር ራሱ እንደ አንድ ቋሚ መቆጠር ነው። ጎኑን የሚያበላሹት ሁለቱ ችግሮች ከእነዚህ ከሁለቱ ሥራዎች ይመነጫሉ። አንዱ የቁጥር፣ ሌላው የቁመት ነው። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሦስቱን ሰንሰለት እንደ ቋሚ ከቆጠሩት ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያ ቋሚ ይዘሉታል፤ ቦታውን ሰንሰለቱ ይዞታልና። ሳይዘሉት ከሠሩበት በዚያ ረድፍ አንድ ቋሚ ይጨምራል። በየረድፉ ሲደጋገም ብርድ ልብሱ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። በረድፉ መጨረሻ ደግሞ የመጨረሻው ቋሚ የሚሠራው ባለፈው ረድፍ መዞሪያ ሰንሰለት አናት ላይ ነው። እሱን ከረሱት አንድ ቋሚ ይጎድላል፤ ጎኑም ወደ ውስጥ ይገባል። የሚረሳውም በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ያ ሰንሰለት እንደ ሌሎቹ ቋሚዎች ቀጥ ብሎ አይቆምም። ዘንበል ብሎ ጠርዙ ላይ ይለጠፋልና በተለይ ማታ በመብራት ሲሠሩ ቋሚ አይመስልም።

የቁመቱ ችግር ግን ቋሚዎቹን ሲቆጥሩ አይታይም። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው እኩል ሆኖ ጎኑ ግን ሞገድ ሊሠራ ይችላል። ሥራውን በየረድፉ ስለሚያዞሩት በአንድ ጎን ላይ አንዱ ረድፍ በመዞሪያ ሰንሰለት፣ ቀጣዩ በተራ ቋሚ ያልቃል። የእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ቁመት የተሠራው በሰንሰለት ነው ማለት ነው። ሰንሰለቱ ከቋሚው ረዘም ካለ ጎኑ ከመሐሉ ይረዝማል። የረዘመው ክፍል የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ይርገበገባል። ሰንሰለቱ ካጠረ ወይም ከጠበቀ ደግሞ ጎኑ ከመሐሉ ያጥርና ማዕዘኖቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ሸማኔ ማጉን አጥብቆ ሲስብ የጋቢው ጠርዝ እንደሚሸመቀቀው ማለት ነው፤ የእሱ ግን በስፋት፣ የእኛ በቁመት።

ልዩነቱ በአንድ ረድፍ ላይ ከቁብ አይቆጠርም። ሲደመር ግን ይገርማል፤ ለዚህ አንድ ሥራ ላሳይዎት።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ቢሞቅም የዋግ ኽምራ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሕፃን ለወለደች ሴት ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ደስ የሚል ስጦታ ነው። አንዲት የሰቆጣ እናት እህቷ ሴት ልጅ ስትወልድ ለክርስትናው ቀን የሚደርስ ብርድ ልብስ ጀመረች። ለሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለሆነ ጊዜው በቂ ይመስል ነበር፤ ግን እሷም ልጆችና ቤት አሉባት፤ የምትሠራው ማታ ማታ ነው። ክሩንም የገዛችው በአንድ ጊዜ፣ በልኩ ነው። ያንኑ ቀለም ደግሞ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ክር የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

በ5 ቁጥር ኪሮሽ፣ በመካከለኛ ውፍረት ክር፣ በረጅም ቋሚ ነበር የምትሠራው። በእሷ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት 13 ቋሚ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ደግሞ 8 ረድፍ ይይዛል። 100 ቋሚ ስትጀምር ስፋቱ 77 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ያሰበችው 80 ረድፍ፣ ማለትም አንድ ሜትር ቁመት ነበር።

24ኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ሥራው አላምር አለ። ከላይ ጠቧል፤ ጎኑ ደግሞ ይርገበገባል። ሁለቱ አብረው መታየታቸው ግራ ያጋባል፤ የሚጠብ ነገር እንዴት ይዘናፈላል? መልሱ ሁለቱም ችግሮች በአንድ ጊዜ መኖራቸው ነው። የላይኛው ረድፍ ሲቆጠር 88 ቋሚ ብቻ ሆነ፤ ስፋቱም 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ። 12 ጊዜ የሰንሰለቱን አናት ስታዋለች። ከዚያ በሜትር ስትለካው መሐሉ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጎኑ በእጅ ተዘርግቶ ወደ 33 ሆነ። የእሷ ሦስት ሰንሰለት 1.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ረድፉ ግን 1.25 ነው። ልዩነቱ ሩብ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን በ24 ረድፍ ውስጥ በየጎኑ 12 ሰንሰለት አለ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እስከ 80 ረድፍ ብትቀጥል 40 ሰንሰለት በየጎኑ ይኖራል፤ አንድ ሜትር መሐል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጠርዝ ማለት ነው። ያንን የሚያስተካክል ካውያ የለም።

ከታች ጀምራ ረድፎቹን በየተራ ስትቆጥር እስከ 6ኛው ድረስ 100 ነበሩ። 7ኛው 99 ሆነ። ስለዚህ እስከ 6ኛው ተረተረ። አንዱ ረድፍ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባት ነበርና 18 ረድፍ መተርተር የስድስት ሰዓት ድካም መጣል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ልክ ነበረች፤ ሞገዱን «ሲታጠብ ይስተካከላል» ብሎ መቀጠል ከዚህ የበለጠ ያስከፍላል። ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ክር ሰው ሠራሽ ነው፤ እንደ በግ ጠጉር ክር ረጥቦና ተወጥሮ ቅርጽ አይዝም።

ከመቀጠሏ በፊት ትንሽ ሙከራ ሠራች። እርስዎም ብርድ ልብስ ከመጀመርዎ በፊት ይህን ቢሠሩ የምመክረው ነው። 15 ቋሚ ይጀምሩና 10 ረድፍ በሦስት ሰንሰለት፣ ሌላ 10 ረድፍ ደግሞ በሁለት ሰንሰለት ይሥሩ። ጠረጴዛ ላይ ሳይወጥሩ ያስቀምጡና የየራሳቸውን መሐልና ጎን ይለኩ። የእሷ መሐል በሁለቱም 12.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ጎኑ በሦስት ሰንሰለት 13.75 ሲሆን በሁለት 12.25 ሆነ። ሁለቱ ይሻላል። በ80 ረድፍ ቢበዛ 2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ እሱን የክሩ መለጠጥ ይሸፍነዋል። የእርስዎ እጅ ጥብቅ ከሆነ ግን ሦስቱ ልክ ሊሆን ይችላል። «ለረጅም ቋሚ ሦስት ሰንሰለት» የሚለው ደንብ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ እጅ ከእጅ ይለያል።

ከዚያ ሁለቱን ሰንሰለት እንደ ቋሚ ላለመቁጠር ወሰነች። በዚህ አሠራር ሁለት ሰንሰለት ይሠሩና የመጀመሪያውን ቋሚ ሳይዘሉ እዚያው ሥሩ ላይ ይሠራሉ፤ በረድፉ መጨረሻ የሰንሰለቱን አናት ይተዉታል። በሁለቱም ዘዴ ቁጥሩ 100 ይሆናል። የሚያበላሸው መቀላቀል ነው፤ መጀመሪያው ላይ እንደተቆጠረ መዝለል፣ መጨረሻው ላይ እንዳልተቆጠረ መተው። በመሐል ዘዴ ሲቀይሩ ደግሞ አንድ መጠንቀቂያ አለ። የ6ኛው ረድፍ ሰንሰለት የተቆጠረ ስለነበር 7ኛው ረድፍ ሲያልቅ የመጨረሻው ቋሚ በእሱ አናት ላይ መሠራት ነበረበት። መተው የሚጀምረው ከ8ኛው ነው።

መቁጠሩን የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ መዞሪያውን እንደሠሩ ወዲያው የላይኛዋ ሰንሰለት ላይ መርፌ ቁልፍ ይሰኩ። ተመልሰው ሲመጡ የመጨረሻው ቋሚ የት እንደሚገባ አይጠፋዎትም። በየአምስት ረድፉም ይቁጠሩ፤ ስህተት ቢኖር የሚተረተረው ከአምስት አይበልጥም።

የታችኛው ጠርዝ ብቻ ተሸምቅቆ ሌላው ደህና ከሆነ ግን መዞሪያውን አይውቀሱ። መነሻው ሰንሰለት ጠብቆ ነው። እሱን ብቻ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ኪሮሽ ይሥሩት።

ለዙሪያው የሚሠራው ማስጨረሻም ደህናውን ጎን መልሶ ሊያርገበግብ ይችላል። በብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር በረጅም ቋሚ ረድፍ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት አጭር ቋሚ መሥራት ነው። የሰቆጣዋ ሴት እንዲያ ብታደርግ 80 ረድፍ ላይ 160 ቋሚ ይሆናል። በእሷ ልክ ግን አንድ ሜትር የሚይዘው 130 ነው፤ ትርፉ 30 ቋሚ እንደገና ሞገድ ይሆናል። ስለዚህ በየሦስት ረድፉ አምስት ሠራች፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ከታች ያሉት 6 ረድፎች የድሮውን ረጅም ሰንሰለት እንደያዙ ስለቀሩ እዚያ ከ10 ይልቅ 9 አደረገች። ማዕዘኑ ላይ በአንድ ቦታ ሦስት አጭር ቋሚ፣ ከላይና ከታች ደግሞ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ አንድ አንድ። ስታጥፈው ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ፤ ክርስትናውም ገና ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።