ስክሪንሾቱን ወደ ጄፔግ አትቀይሩት፤ ፎቶውን ግን ቀይሩት

እዚህ ሪቻርድሰን ላሉ አዛውንቶቻችን በስልካቸው በአማርኛ መጻፍ እንዲችሉ አንድ አነስተኛ መመሪያ በዎርድ አዘጋጅቼ ነበር። 24 ገጽ ነው፤ 18 የስልክ ስክሪንሾትና 6 ፎቶ አለበት። አትሜ ሳድል አንዲት እናት መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠጉና "ልጄ፣ ይሄ ሉ ነው ወይስ ሊ?" አሉኝ።

ተቀብዬ አየሁት። እኔም መለየት አቃተኝ። ምስሉ ለ ሲነካ ከላዩ ብቅ የሚለውን የፊደል ረድፍ የሚያሳይ ነበር። ሉና ሊ የሚለዩት በአንዲት አጭር ጭረት ነው፤ የሉ ወገቡ ላይ፣ የሊ እግሩ ላይ። ያቺ ጭረት በግራጫ ብናኝ ተውጣ ነበር። ስለ ፊደል የሚያስተምር ገጽ ፊደሉን ካላሳየ ምን ዋጋ አለው? ጥፋቱ የአታሚው መሣሪያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የራሴ ሆኖ ተገኘ።

የሠራሁት ስህተት ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን የወለደው ደግሞ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ "ፒኤንጂ ጥራቱን ይጠብቃል" የሚለውን ይዤ ስድስቱንም ፎቶዎች ወደ ፒኤንጂ ቀየርኳቸው። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት አለፈ። ጂሜይል ደግሞ ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም። ያን ጊዜ ተናድጄ ሁሉንም ምስል፣ ስክሪንሾቶቹንም ጨምሬ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ጄፔግ ለወጥኩ። ፋይሉ ተላከ፤ ሉ ግን ጠፋ።

ሁለቱ ፎርማቶች የሚጥሉትና የማይጥሉት

ፒኤንጂ ምንም አይጥልም። እያንዳንዱን ፒክስል ከጎኑ ወይም ከላዩ ካለው ጋር ያስተያይና ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል፤ ከዚያ የተጻፈውን ልክ እንደ ዚፕ ፋይል ያጨቀዋል። ስክሪንሾት ላይ አብዛኛው ቦታ አንድ ዓይነት ነጭ ወይም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይሄዳል፤ የዜሮ ረድፍ ደግሞ በጣም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። 1080 በ2400 ፒክስል የሆነው የስልኬ የቅንብር ገጽ በፒኤንጂ 200 ኪሎባይት ገደማ ነበር።

ፎቶ እንዲህ አይደለም። የአንድ ሰው ጉንጭ ለዓይን አንድ ቀለም ቢመስልም ካሜራው ሲመዘግበው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒክስሎች እምብዛም እኩል አይሆኑም። ፒኤንጂ ያንን ጥቃቅን ልዩነት ሁሉ በታማኝነት ይጽፋል። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ሲይዝ ሳይጨመቅ 36 ሜጋባይት ይሆናል። የእኔዎቹ በፒኤንጂ ወደ ግማሽ ብቻ ነበር የወረዱት። ያ ሁሉ ክብደት የተከፈለው ማንም ለማያየው የካሜራ ብናኝ ነው።

ጄፔግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፍላል፤ በየካሬው ያለውን ብርሃን ቀስ ብለው በሚለዋወጡና ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጡ ሞገዶች ድምር ይገልጸዋል። ከዚያ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡትን፣ ዓይን እምብዛም የማያስተውላቸውን፣ ያሳንሳል ወይም ጨርሶ ይጥላል። ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ናስር አህመድ፣ ናታራጃንና ኬ. አር. ራኦ ናቸው። ራኦ ያስተምሩ የነበሩት እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ፎቶ በላክን ቁጥር የጎረቤታችንን ሥራ እየተጠቀምን ነው ማለት ነው። ጄፔግ መስፈርት ሆኖ የወጣው በ1992 ነው።

አሁን የሉን ጭረት በዚያ ካሬ ውስጥ አስቀምጧት። ጥቁሯ ከነጩ ጋር የምትገናኘው በአንድ ፒክስል ርቀት ነው፤ ከዚህ የፈጠነ ለውጥ የለም። ያንን ጠርዝ ለመግለጽ የሚያስፈልጉት ደግሞ ጄፔግ የሚጥላቸው ፈጣን ሞገዶች ናቸው። እነሱ ሲጎድሉ የቀሩት ሞገዶች በፊደሉ ዙሪያ ነጩ ላይ ይረጫሉ። የላቲን ፊደል የለመደ ሰው በዚያ ብናኝ ውስጥም ቃሉን ይገምታል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚለየው በትንሽ ጭረት፣ በቀለበት ወይም በእግር ማጠር ስለሆነ ጉዳቱ ይከፋል፤ ቡ እና ቢን፣ ጡ እና ጥን አስቡ።

ስለ ቀይ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙውን ጊዜ ጄፔግ ሲቀመጥ ብርሃኑን በሙሉ መጠን ይይዛል፤ ቀለሙን ግን በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሰዋል። ስክሪንሾት ላይ "እዚህ ይጫኑ" ለማለት የምንስላት ቀጭን ቀይ ክብ ጭቃ የምትመስለው ለዚህ ነው። በቀይ የተጻፈ ጽሑፍም ከጥቁሩ ቀድሞ ይበላሻል።

እንደገና ስሠራው

ወደ መጀመሪያዎቹ ፋይሎች ተመለስኩ። ፎቶዎቹ ከአይፎን የመጡ ስለነበሩ .HEIC ነበሩ፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ዎርድ ይህን አይከፍተውም። መለወጣቸው ካልቀረ እግረ መንገዴን መጠናቸውንም አስተካከልኩ። የወረቀታችን ወርድ 8.5 ኢንች ነው፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ኢንች ህዳግ ሲቀነስ 6.5 ኢንች ይቀራል። በአንድ ኢንች 220 ፒክስል ለፎቶ በቂ ስለሆነ 1430 ፒክስል ወርድ አወጣሁ። ከዚያ በላይ ያለው ወረቀቱ ላይ አይታይም። ኢሜጅማጂክ ለጫነ ሰው ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
magick IMG_2041.HEIC -auto-orient -resize 1430x -quality 85 foto1.jpg
```

ማክ ያላችሁ በPreview ከፍታችሁ File ከዚያ Export ብትሉ፣ Format ላይ JPEG መርጣችሁ ጥራቱን በተንሸራታቹ መወሰን ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ፎቶ 300 ኪሎባይት ገደማ ሆነ። ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አትሜ ሳይ ልዩነት አላገኘሁም።

ስክሪንሾቶቹን ግን አልነካኋቸውም። በፒኤንጂ እንደመጡ አስገባኋቸው፤ የማያስፈልገውን የላይና የታች ክፍል ብቻ ቆረጥኩ። መቁረጥ አንድም ፊደል አያበላሽም። ማሳነስ ግን ያበላሻል፤ ሁለት ፒክስል የነበረች ጭረት አንድ ፒክስል ስትሆን ከአካባቢዋ ጋር ትቀላቀላለችና።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ የመጀመሪያውን ገጽ ሳትም ፊደሉ ብናኙ ጠፍቶለታል፤ ግን ደብዝዟል። ይህኛው የዎርድ ሥራ ነበር። ዎርድ ፋይሉን ሲያስቀምጥ በውስጡ ያሉትን ምስሎች በራሱ ሊያሳንስ ይችላል፤ መጠኑ እንደ ስሪቱ ይለያያል፤ የእኔ 220 ላይ ነበር። ስክሪንሾቴ ወርዱ 1080 ፒክስል ነው፤ ገጹ ላይ ግን 2.5 ኢንች ብቻ ነበር የሰጠሁት። 2.5 ሲባዛ በ220 ደግሞ 550 ይሆናል። ዎርድ ሳይጠይቀኝ ወርዱን ወደ ግማሽ ገደማ አሳነሰው ማለት ነው። ለፎቶ የሚበቃ ልክ ለፊደል አልበቃም።

መከላከያው ምስል ከማስገባታችሁ በፊት File፣ Options፣ Advanced ገብታችሁ Image Size and Quality ከሚለው ሥር Do not compress images in file የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ቅንብሩ የሚሠራው ለዚያ ሰነድ ስለሆነ አዲስ ሰነድ ስትጀምሩ ደግማችሁ እዩት። አንዴ ተቀንሶ የተቀመጠ ምስል ምልክቱን በማድረግ ብቻ አይመለስም፤ ሰርዞ ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል።

ሊብሬኦፊስ የምትጠቀሙ ደግሞ ወጥመዱ ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ ነው። በመላኪያው መስኮት ስለ ምስሎች የሚጠይቀው ክፍል ላይ ቀድሞ የተመረጠው JPEG compression ነው። በጥንቃቄ በፒኤንጂ ያስገባችሁት ስክሪንሾት በመጨረሻዋ ደቂቃ ጄፔግ ሊሆን ይችላል። Lossless compression የሚለውን ምረጡ። ፎቶዎቹን አስቀድማችሁ ካሳነሳችኋቸው ፋይሉ ቢጨምርም በጣም አያስፈራም።

ሰነዱ ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ለማወቅ የሚከተለውን አድርጉ። የ.docx ፋይሉን ቅጂ አውጡና የስሙን መጨረሻ .zip አድርጉት፤ ከፍታችሁ word/media ወደሚለው ፎልደር ግቡ። ምስሎቹ ሁሉ እዚያ ተደርድረዋል። የትኛው ከባድ እንደሆነ፣ የትኛው .png የትኛው .jpeg እንደሆነ፣ ወርዱም ስንት ፒክስል እንደሆነ ይታያል። የእኔን 550 ፒክስል ያገኘሁት እዚህ ነው። አሁን መላው ሰነድ ከ6 ሜጋባይት በታች ነው።

የፋይሉ ስም .png ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት። ጄፔግ የነበረን ምስል ወደ ፒኤንጂ ብትለውጡት የተጣለው አይመለስም፤ ብናኙም ልክ እንደ ፊደሉ በታማኝነት ይቀመጣል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ለማረጋገጥ ምስሉን ወደ 400 በመቶ አጉልታችሁ በፊደሉ ዙሪያ ያለውን ነጭ እዩ። ነጩ ንጹሕ ካልሆነ ምስሉ አንድ ቦታ በጄፔግ አልፏል።

ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። ስክሪንሾት እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሶ ጄፔግ ያደርገዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አይነካውም። አንዳንድ የሳምሰንግ ስልክ ደግሞ ከመነሻው ስክሪንሾቱን በጄፔግ ያስቀምጣል፤ በስክሪንሾት ቅንብሩ ውስጥ ፎርማቱን ወደ ፒኤንጂ መቀየር ይቻላል።

ከ18ቱ ስክሪንሾቶች ሦስቱ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላከልኝ ነበሩ። የፊደሉ ረድፍ ያለበት ምስልም ከሦስቱ አንዱ ነበር። በምንም ማስተካከል አልተቻለም፤ ስልኩን ከፍቶ ለ ላይ ተጭኖ እንደገና አነሳልኝ፣ በፋይል ላከልኝ። እኚያ እናት አዲሱን ገጽ ሲቀበሉኝ ምንም አላሉም፤ ጣታቸውን ሉ ላይ አሳርፈው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።